የመጀመሪያዋ ደቂቃ፦ የመድረክ ፍርሃት ልምምድ እንዴት ይሠራል?

የአክስቴ ልጅ የማስተርስ ጥናቷን ዲፌንስ ልታደርግ ስድስት ቀን ሲቀራት ላፕቶፗን ይዛ እኛ ቤት መጣች። የ15 ደቂቃውን ንግግር ከላይ እስከ ታች ሸምድዳዋለች፤ ግን እንቅልፍ የላትም። ፕሮፖዛሏን ያቀረበች ቀን ሁለተኛው ስላይድ ላይ አፏ ተሳስሮ ቆማ ቀርታ ነበር። “ሁሉንም አውቀው ነበር እኮ! አንዲት ቃል ጠፋችኝና ሌላውም ተከትሎ ሄደ” አለችኝ።

የጎዳት ሽምደዳው ነው። በቃል የተያዘ ጽሑፍ በክር እንደተሰካ ዶቃ ነው፤ አንድ ቦታ ከተበጠሰ የቀረው ይፈሳል። ስለዚህ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግተን ንግግሯን እንደገና ጻፍነው። ቃል በቃል የያዝነው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ሰላምታውንና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች፣ ከዘዴው ወደ ግኝቱ የምትሻገርበትን አንድ ዐረፍተ ነገር፣ መዝጊያውን፣ እንዲሁም ሐሳብ ሲጠፋት የምትይዘውን አንድ መመለሻ፦ “ወደ ዋናው ግኝት ልመለስ።” ለቀሩት ስላይዶች ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቁልፍ ቃል ጻፍን፤ ማብራሪያው በየቀኑ ቢለዋወጥም ግድ የለም።

መጀመሪያውን እንዲህ አጥብቀን የያዝነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ዓይን ሲያርፍብን ሰውነታችን አደጋ የመጣ ይመስለዋል፤ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይደልቃል፣ አፍ ይደርቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ይህ ማዕበል ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ልንጀምር ስንል እና በመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ነው። ተናጋሪው ሳይሸሽ ከቀጠለ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ጫፉ ላይ ሳለ ካቋረጠ ግን ሰውነት “ያዳነኝ መሸሼ ነው” ብሎ ይማራል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ፍርሃቱ በርትቶ ይመጣል።

የልምምዱ ትልቁ ሕግ ከዚህ የመጣ ነው፦ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ክልክል ነው። አብዛኛው ሰው ቤቱ ሲለማመድ በተሳሳተ ቁጥር “ቆይ፣ ከመጀመሪያው” ይላል። እንዲህ ሲያደርግ መግቢያውን ሃያ ጊዜ፣ መጨረሻውን አንድ ጊዜ ይለማመዳል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከስህተት መውጣትን አንድም ቀን አይለማመድም። አዳራሽ ውስጥ “ከመጀመሪያው” የሚባል ነገር የለም። የአክስቴ ልጅም ስትሳሳት የስላይዱን ርዕስ ጮክ ብላ አንብባ፣ መመለሻዋን ይዛ እንድትቀጥል ተስማማን።

ከዚያ የልምምዱን ቀን፣ ቦታና አድማጭ ጻፍን። ሰኞ ብቻዋን፣ ቆማ፣ ስልኳ እየቀዳት። ማክሰኞ በእኔ ፊት። ረቡዕ ለቡና የሚሰበሰቡ ጎረቤቶቻችን ፊት። ሐሙስ ሦስት የክፍል ጓደኞቿ ፊት፤ አንዱ እንደ ውጭ ፈታኝ መሀል ላይ ጥያቄ እየጣለ እንዲያቋርጣት ተነግሮታል። ዓርብ እዚያው የምታቀርብበት ክፍል ውስጥ፣ በምትለብሰው ልብስና ጫማ። ቅዳሜ አንዴ መክፈቻዋን ብቻ ብላ ታርፋለች። ዲፌንሱ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው።

ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ፍርሃቷን ከ0 እስከ 10 ሦስት ቦታ ላይ ትመዘግባለች፦ ከመቆሟ በፊት፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ፣ በአምስተኛዋ ደቂቃ። ማክሰኞ 8፣ 8፣ 5 ነበር። ረቡዕ ጎረቤቶች ፊት ግን 9፣ 9፣ 9 ጻፈች። የመጨረሻው ቁጥር አለመውረዱ እርምጃው እንደበዛባት ይነግረናል። ስለዚህ ሐሙስ ጓደኞቿ ከመምጣታቸው በፊት በእናቴና በአንዲት ጎረቤት ፊት ብቻ አንዴ አቀረበችው፤ 8፣ 7፣ 4 ሆነ። ማታ ጓደኞቿ ፊት ስትቆም አምስተኛዋ ደቂቃ ላይ 5 ደረሰች። ቁጥሩ ገና ከጅምሩ 2 እና 3 ቢሆን ኖሮ ደግሞ እርምጃው አንሷል ማለት ነበር፤ ሰው እንጨምር ነበር።

ወረቀቷ ግርጌ ላይ ትንፋሽ ጽፈናል፦ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት፣ ከመጠራቷ በፊት ለሦስት ደቂቃ። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ስለሚቀንስ ነው ማስወጫው የሚረዝመው። ፍርሃቱን አያጠፋውም፤ ከጫፉ ትንሽ ያወርደዋል። በሌላ በኩል ፍርሃቱ ለወራት ከክፍል የሚያስቀር፣ ምግብና እንቅልፍ የሚከለክል ከሆነ የስድስት ቀን ወረቀት አይበቃውም፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል።

እሑድ ጠዋት ፈታኙ ሦስተኛው ስላይድ ላይ አቋረጣት። መለሰችለት፤ ከዚያ የት እንደነበረች ጠፋት። የስላይዱን ርዕስ ጮክ ብላ አነበበች፣ “ወደ ዋናው ግኝት ልመለስ” አለችና ቀጠለች። ከሰዓት ቤት ስትመጣ መጀመሪያ ያደረገችው ወረቀቷን ማውጣት ነበር፤ 8፣ 7፣ 3 ብላ ጻፈችበት።