ሻንጣው ሳይመጣ ሲቀር

ከዋሽንግተን ተነስታ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን የቀየረች መንገደኛ ቦሌ ስትደርስ ሻንጣዋን አጣችው እንበል። ከአዳራሹ ሳትወጣ የጠፋ ሻንጣ ወደሚመዘገብበት ቢሮ ትሂድ። ከወጣች በኋላ መመለሱም፣ ሻንጣው አለመድረሱን ማስረዳቱም ይከብዳል። ሻንጣው የቀረው ፍራንክፈርት ቢሆንም፣ አቤቱታውን የሚቀበለው በመጨረሻ ያመጣት አየር መንገድ ነው።

ሠራተኛው የሚጠይቃት ሻንጣውን ስታስመዝን የተሰጣትን ቁራጭ ወረቀት ነው፤ ባለ 10 አሃዙ ቁጥር ሻንጣው የት እንደተመዘገበ ያሳያል። ሻንጣው ላይ ያለው ተለጣፊ ተቀዶ ከሆነ ግን ፍለጋው በመልኩና በውስጡ ባለው ዕቃ ይሆናል። «ጥቁር ሻንጣ» ማለት ብዙም አይረዳም። «ከላይ ነጭ ነጠላና የቡና ጀበና አለበት» ማለት ግን ከመቶ ጥቁር ሻንጣ ይለየዋል።

እንደ ADDET12345 ያለ የመዝገብ ቁጥር ሳትይዝ አትውጣ። ADD አዲስ አበባን፣ ET አየር መንገዱን ያመለክታል። በድረ ገጹ ፍለጋውን ለመከታተል ይህን ቁጥርና በቲኬቱ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈውን ታስገባለች፤ ለብዙዎቻችን ይህ የአያት ስም ነው፣ የራስን ስም ያስገባ መዝገቡን አያገኘውም።

እስከዚያው ለገዛችው አስፈላጊ ዕቃ ደረሰኝ ትያዝ። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት፣ ስለ መዘግየቱ ካሳ የሚጠየቀው ሻንጣው በተመለሰ በ21 ቀን ውስጥ፣ በጽሑፍ ነው።