«የሰው ስህተት» ማለት ምክንያት አይደለም

የፔንዱለም ሙከራ ሪፖርት ሳርም በጣም የሚያሳስበኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ልዩነቱ የመጣው በሰው ስህተት ነው»። የትኛው ስህተት? ውጤቱን ወደየት ገፋው? በምን ያህል?

አዲስ አበባ ላይ ተሠርቶ g 9.49 ወጣ እንበል። መጽሐፉ 9.81 ይላል። በመጀመሪያ ማነጻጸሪያውን እናስተካክል፤ ከተማችን ለምድር ወገብ ቅርብ፣ ከፍታዋም ትልቅ ስለሆነ እዚህ የሚጠበቀው 9.77 ገደማ ነው። አሁንም 3 በመቶ ያህል ይጎድላል።

ሰዓት መያዣውን ዘግይቶ መጫን ይሆን? የ20 ውዝዋዜ ጊዜ 28.4 ሰከንድ ቢሆን፣ የ0.2 ሰከንድ መዛነፍ g ላይ የሚያመጣው 1.4 በመቶ ብቻ ነው። ደግሞም አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ያደርጋል እንጂ ሁልጊዜ ወደ ታች አይጎትትም።

ክሩ የተለካው እስከ ኳሷ አናት ከሆነ ግን ነገሩ ይገጥማል። የኳሷ ራዲየስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እስከ መሃሏ 50 መሆን የነበረበት ርዝመት 48.5 ተብሎ ተመዘገበ። ይህ በትክክል 3 በመቶ ነው።

ግምቱን መፈተሽ ይቻላል። ክሩን ወደ 1 ሜትር አስረዝሙት፤ ጉድለቱ ወደ 1.5 በመቶ ከወረደ ጥፋቱ የርዝመት አለካኩ ነው። በየርዝመቱ እዚያው 3 በመቶ አካባቢ ከቀረ፣ ኳሷ የተለቀቀችበትን አንግል ተመልከቱ፤ 30 ዲግሪ ያህል ከሆነ ብቻውን g ን በ3.4 በመቶ ገደማ ያሳንሳል።

ፍተሻው የርዝመት አለካኩን ጥፋት ካረጋገጠ፣ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው እንግዲህ ይህ ነው፦ «ርዝመቱ እስከ ኳሷ አናት በመለካቱ g በ3 በመቶ አንሷል።»