ስድስት ያልመጣባቸውን ቁጠሩ

ሉዶ የተጫወተ ሁሉ ይህን ጥበቃ ያውቀዋል። ጠጠሮቹ ቤት ተቀምጠዋል፤ ስድስት ካልመጣ አንዷም አትወጣም፤ ዳይሱ ግን ሁለት፣ አምስት፣ አንድ እያለ ይመላለሳል። አንድ ምሽት ከእህቴ ልጅ ጋር ስንጫወት ስድስት እምቢ ብሎት ሲናደድ አየሁና፣ «ዳይሱን አራት ጊዜ ብትወረውር፣ ቢያንስ አንድ ስድስት የማግኘት ዕድልህ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ብዙም አላሰበ። «በአንድ ውርወራ አንድ ስድስተኛ ነው። በአራት ውርወራ አራት ስድስተኛ ይሆናል፤ ሁለት ሦስተኛ ማለት ነው።»

«በስድስት ውርወራስ?»

«ስድስት ስድስተኛ...» ብሎ ዝም አለ። ስድስት ስድስተኛ ሙሉ አንድ ነው፤ በስድስት ውርወራ ስድስት የግድ ይመጣል ማለት ነው። እሱ ደግሞ በዚያው ጨዋታ ስምንት ጊዜ ወርውሮ አንድም ስድስት አላየም።

መልሱ ስህተት እንደሆነ በዚህ ታወቀ፤ ትክክለኛው ግን ገና አልተገኘም። ደብተር አመጣንና መቁጠር ጀመርን። እያንዳንዱ ውርወራ ስድስት ዓይነት ውጤት አለው፤ ስለዚህ የአራቱ ውርወራ ውጤቶች በጠቅላላ 6 × 6 × 6 × 6፣ ማለትም 1296 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ስድስት ያለባቸው ስንት ናቸው?

ፊት ለፊት የሚወስደው መንገድ ጉዳዩን በአራት ይከፍለዋል፦ አንድ ስድስት ብቻ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ወይም አራቱም ስድስት። አንድ ብቻ ከሆነ፣ ያ ስድስት ከአራቱ ውርወራዎች በየትኛውም ሊመጣ ይችላል፤ የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው ከአምስት ቁጥሮች አንዱን ይይዛሉ። 4 × 125 ስለሆነ 500 ይሆናል። ሦስት ስድስት ከሆነ 4 × 5፣ ማለትም 20 ነው። አራቱም ስድስት የሚሆኑት በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ሁለት ስድስት ሲሆን ግን የእህቴ ልጅ፣ «የመጀመሪያው ስድስት ከአራቱ በአንዱ፣ ሁለተኛው ከቀሩት ሦስት በአንዱ ይመጣል፤ 12 ነው» አለና 12 × 25 አባዝቶ 300 ጻፈ። ሁሉንም ሲደምር 821 አገኘ።

እኔ ስህተቱን አይቼዋለሁ፤ ግን አልነገርኩትም። «እስቲ አሁን ይህን ገጽ ሸፍነውና፣ ስድስት ያልመጣባቸውን ብቻ ቁጠር» አልኩት።

ይህኛው መንገድ እጅግ አጭር ነው። ስድስት እንዳይመጣ እያንዳንዱ ውርወራ ከአንድ እስከ አምስት ካሉት መሆን አለበት፤ 5 × 5 × 5 × 5፣ ማለትም 625። የትኛው ውርወራ የትኛውን ቁጥር ያዘ ብሎ መከፋፈል የለም። ማንኛውም ውጤት ወይ ስድስት አለበት ወይ የለበትም፤ ሦስተኛ ወገን የለም። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ሲደመሩ 1296 መምጣት አለባቸው። 821 እና 625 ሲደመሩ ግን 1446 ሆኑ።

ትርፉ 150 ነው። ልጁ ቁጥሩን ትንሽ አየውና ጣቱን 300 ላይ አሳረፈ፤ 150 የእሱ ግማሽ ነውና። «አንደኛና ሦስተኛ፣ ሦስተኛና አንደኛ ብዬ ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ» አለ። ከአራት ውርወራዎች ሁለቱን ለመምረጥ ያሉት መንገዶች 12 ሳይሆኑ 6 ናቸው። 500፣ 150፣ 20 እና 1 ሲደመሩ 671 ይሆናሉ፤ 671 እና 625 ደግሞ 1296። ዕድሉ 671 ለ1296 ሲካፈል 0.518 ያህል ነው፤ ከግማሽ በጥቂቱ የሚበልጥ።

የመጀመሪያው ሁለት ሦስተኛም በዚሁ ሚዛን ሲለካ ምን እንዳጠፋ ይናገራል። ሁለት ሦስተኛ የ1296 ማለት 864 ነው፤ ከ671 በ193 ይበልጣል። 193 ከየት መጣ? አራት ስድስተኛ ብሎ የሚደምር ሰው ሁለት ስድስት ያለበትን ውጤት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ያለበትን ሦስት ጊዜ፣ አራት ያለበትን አራት ጊዜ ይቆጥራል። ትርፎቹ 150፣ 40 እና 3 ናቸው፤ ሲደመሩ ልክ 193። ይህ ሰው ስድስት የታየባቸውን ውጤቶች ሳይሆን የታዩትን ስድስቶች ነው የቆጠረው።

671 እና 625 የቆዩ ቁጥሮች ናቸው። ብሌዝ ፓስካል ሐምሌ 29 ቀን 1654 በፈረንጆች አቆጣጠር ለፒየር ደ ፌርማ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ይገኛሉ። ሼቫልዬ ደ ሜሬ የተባለ ሰው፣ በአንድ ዳይስ ስድስት ለማግኘት አራት ውርወራ የሚያዋጣ ከሆነ፣ በሁለት ዳይስ ጥንድ ስድስት ለማግኘትም 24 ውርወራ ማዋጣት አለበት ብሎ ይከራከር ነበር፤ 4 ለ6 እንደ ሆነ 24 ለ36 ነውና። አያዋጣም። ጥንድ ስድስት ሳይመጣ የሚያልፍበትን ዕድል ለማግኘት 35/36ን በራሱ 24 ጊዜ ብናባዛው 0.509 ያህል እናገኛለን፤ ለሚመጣው የሚተርፈው 0.491 ብቻ ነው። ፊት ለፊት እንቁጠር ብንል ግን 24 ጉዳዮችን ለየብቻ ማስላት ነበረብን።

ሁለተኛው ስሌት ምስክር የሚሆነው ግን 625 ራሱን ችሎ ከ5 × 5 × 5 × 5 ሲመጣ ነው። 671ን ከ1296 ቀንሶ 625 ያገኘ ሰው ምንም አልፈተሸም፤ 821ን ቢቀንስም 475 ያገኝና ድምሩ ይገጥምለታል። ደብተሩን ያሸፈንኩት ለዚህ ነበር።

ተቃራኒውን በትክክል መሰየምም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቢያንስ ሁለት ስድስት» ለሚለው ተቃራኒው «ምንም ስድስት» ብቻ አይደለም፤ አንድ ስድስት ያላቸውም አብረው ይገባሉ። 625 እና 500 ተደምረው ከ1296 ሲቀነሱ 171 ይቀራል፤ በፊት ለፊቱ መንገድም 150፣ 20 እና 1 ሲደመሩ 171 ናቸው።

ይህ ፍተሻ የማይዘው ስህተት ግን አለ፤ ሁለቱም መንገዶች ከተነሱበት መሬት ላይ ያለው። ሁለት ዳይስ አብረው ሲወረወሩ ብዙ ሰው ውጤቶቹን እንደ ጥንድ ይቆጥራል፦ 3 እና 6 አንድ፣ 6 እና 6 አንድ እያለ። እንዲህ ሲቆጠሩ በጠቅላላ 21 ናቸው። ስድስት ያለባቸው 6፣ የሌለባቸው 15፤ ድምሩ 21። ሁለቱ መንገዶች ያለ እንከን ተስማሙ፤ መልሱ ግን ስህተት ነው። አንዱን ዳይስ ቀይ፣ ሌላውን ነጭ ብንቀባ፣ 3 እና 6 በሁለት መንገድ ሲመጣ 6 እና 6 በአንድ ብቻ እንደሚመጣ ይታያል። እኩል ዕድል ያላቸው ውጤቶች 36 ናቸው፤ ስድስት የሌለባቸው 25፣ ያለባቸው 11። ጋሊሌዮም ስለ ሦስት ዳይሶች በጻፈው አጭር ጽሑፍ ያብራራው ይህንኑ ነው፦ 9 እና 10 ድምሮች እያንዳንዳቸው በስድስት ዓይነት የቁጥር ስብስብ ቢገኙም፣ ከ216ቱ ውጤቶች 9 በ25፣ 10 ደግሞ በ27 ይመጣሉ።

ይህን ስነግረው የእህቴ ልጅ ዳይሱን ትቶ እርሳሱን አነሳ። ሦስቱን ዳይሶች ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ብሎ ሰየማቸውና 27ቱን አንድ በአንድ መደርደር ጀመረ።