አንድ ፊደል የያዘው ገንዘብ

ከውጭ የተላከ ገንዘብ ባንክ ደርሶ ወደ ተቀባይዋ ሒሳብ ሳይገባ ይቆማል። ላኪዋ የሒሳብ ቁጥሩን አልተሳሳተችም። ስሙንም ከእህቷ ፓስፖርት ላይ እንዳለ ገልብጣ Tigist Solomon Wolde ብላ ሞልታለች። ባንኩ ኮምፒውተር ላይ የተመዘገበው ግን Tigest Selemon Wolde ነው። ስሙን ለምሳሌ ያህል ይዘነው እንጂ እንዲህ ያለ ጉዳይ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ክፍያውን የሚያጣራው ሠራተኛ ቁጥሩና ስሙ አልገጠሙም ብሎ ቢያቆመው አይፈረድበትም፤ የሌላ ሰው ሒሳብ ውስጥ የገባ ገንዘብ ማስመለስ ቀላል አይደለምና። ግን የቤት ኪራይ ወይም የሕክምና ገንዘብ የምትጠብቅ ሴት በሦስት ፊደል ምክንያት መጉላላት የለባትም። መፍትሔው አንድ ገጽ ማመልከቻ ነው፤ በደንብ ከተጻፈ።

ስህተቱ የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ ሒሳብ ሲከፈት ነው። ደንበኛዋ ቅጹን በአማርኛ ትሞላለች፤ ሠራተኛው ደግሞ በላቲን ፊደል ወደ ኮምፒውተር ያስገባዋል። «ት»፣ «ግ»፣ «ስ» የሚሉትን ሳድስ ድምፆች አንዱ በ«አይ»፣ ሌላው በ«ኢ» ይጽፋቸዋል፤ ሦስተኛው ጨርሶ ያልፋቸዋል። «ሰለሞን»ም እንደ ጸሐፊው ሁለትና ሦስት መልክ ያወጣል። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ስሙ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ሠራተኛው የሚያመሳክርበት የላቲን ጽሑፍ የለውም። ጉድለቱ ለዓመታት ተደብቆ ይኖርና ፓስፖርት ሲወጣ፣ ፋይዳ ከሒሳቡ ጋር ሲገናኝ ወይም ገንዘብ ከውጭ ሲላክ ይገለጣል።

ስለዚህ ከመጻፍ በፊት ስህተቱ የት እንደተፈጠረ መለየት ይገባል። መታወቂያው ትክክል ሆኖ ባንኩ ሲመዘግብ ከተሳሳተ ጉዳዩ እርማት ነው፤ ማስረጃውም እዚያው ባንኩ መዝገብ ቤት ነው ያለው። ሒሳቡ የተከፈተበት ቅጽ፣ በዚያን ጊዜ የቀረበው የመታወቂያ ቅጂ፣ ፎቶና የፊርማ ናሙና በፋይል ተቀምጠዋል። ፓስፖርቱና መታወቂያው እርስ በርስ ካልተስማሙ ግን ባንኩ ሊፈታው አይችልም፤ ስህተት ያለበት ሰነድ መጀመሪያ በሰጠው መሥሪያ ቤት መታረም አለበት። ስሟን በእርግጥ የለወጠች ሰው ደግሞ እርማት ሳይሆን ለውጥ ነው የምትጠይቀው፤ ለዚያ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። ማመልከቻው እነዚህን ሲያደባልቅ ሠራተኛው ጥያቄውን ወደ ከባዱ መንገድ ይመራዋል። የፊደል ስህተት ሆኖ ሳለ «ስሜ ይቀየርልኝ» ተብሎ ሲጻፍ ችግሩ እዚያ ይጀምራል።

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። የምሳሌያችን ባለሒሳብ እንዲህ ልትጽፍ ትችላለች፦

ቀን ………
ለ……… ባንክ
……… ቅርንጫፍ

ጉዳዩ፦ በሒሳብ ቁጥር ……… ላይ የተመዘገበ ስም የፊደል እርማት እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ

እኔ ትዕግስት ሰለሞን ወልዴ ከላይ በተጠቀሰው ቁጥር የቁጠባ ሒሳብ ከፍቼ ስጠቀም ቆይቻለሁ። በባንኩ ስሜ Tigest Selemon Wolde ተብሎ ተመዝግቧል። በፓስፖርቴና በፋይዳ መታወቂያዬ ላይ ያለው ትክክለኛ አጻጻፍ Tigist Solomon Wolde ነው። የአማርኛ ስሜ አልተለወጠም። ሒሳቡን ስከፍት ያቀረብኩት የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ፣ ፎቶዬና ፊርማዬ በፋይሌ ስለሚገኙ ከእነሱ ጋር ተመሳክሮ የሒሳብ ቁጥሩ ሳይለወጥ ስሜ ብቻ እንዲታረምልኝ እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር
(ፊርማ፣ ሙሉ ስም፣ ስልክ)

አባሪ፦ የፓስፖርት ቅጂ 1 ገጽ፣ የፋይዳ መታወቂያ ቅጂ 1 ገጽ፣ የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ (ፊትና ጀርባ) 1 ገጽ

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ዋናው ሥራ የተሠራው በሁለቱ ስሞች ላይ ነው። የተሳሳተው ስም በባንኩ ኮምፒውተር ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል መጻፍ አለበት። ይህን በግምት ከመጻፍ የሒሳብ መግለጫ አሳትሞ ማየት ይሻላል፤ በቁጠባ ደብተሩ ላይ በእጅ የተጻፈው ስም ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ሊለይ ይችላል። «የሒሳብ ቁጥሩ ሳይለወጥ» የሚለው ሐረግም ያለ ምክንያት አልገባም። አንዳንድ ሠራተኛ ከማረም ይልቅ አዲስ ሒሳብ መክፈት ይቀለዋል። ያን ጊዜ ደሞዝ የሚያስገባው መሥሪያ ቤትም ሆነ ውጭ ያሉት ዘመዶች የያዙት ቁጥር ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

አባሪው ላይ ብዙዎች የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፤ የትውልድ ቀን። የቀበሌ መታወቂያው በእኛ አቆጣጠር፣ ፓስፖርቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የሚሞላው። አንዱ መስከረም 12 ቀን 1983 ሲል ሌላው ሴፕቴምበር 22 ቀን 1990 ይላል። ሁለቱም አንድ ቀን ናቸው፤ ነገር ግን የስም ልዩነት አይቶ የተጠራጠረ ሠራተኛ የሰባት ዓመት ልዩነት ሲጨመርበት ሌላ ሰው ናት ብሎ ሊደመድም ይችላል። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አድርጎ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፉ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር በማመልከቻው ላይ መጨመር ይህን ጥርጣሬ ያስቀራል።

ቅጂዎቹ ፎቶውና ቁጥሩ በግልጽ የሚነበብባቸው መሆን አለባቸው። ዋናዎቹ ሰነዶችም አብረው ይያዛሉ፤ ሠራተኛው አመሳክሮ ቅጂው ላይ ይፈርማል። ባዶ የመታወቂያ ቅጂ ሌላ ቦታ ለማጭበርበር ሊውል ስለሚችል፣ ፊቱንና ቁጥሩን ሳይሸፍን «ለስም እርማት ብቻ የቀረበ» የሚል ጽሑፍና ቀን ቢሰፍርበት ጥሩ ነው። የኤቲኤም የሚስጥር ቁጥርና በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ ግን ለዚህ ጉዳይ በፍጹም አያስፈልጉም፤ የሚጠይቅ ሰው ካለ ባንኩን ወክሎ አይደለም።

ማመልከቻው ሒሳቡ ለተከፈተበት ቅርንጫፍ ቢቀርብ ይመረጣል፤ የወረቀት ፋይሉ ያለው እዚያ ነው። ፊርማው ከቀድሞው ናሙና ጋር መመሳሰል አለበት። ፊርማዋ በዓመታት ከተለወጠ አዲስ ናሙና እንዲያዝላት አብራ ትጠይቅ፤ አለዚያ ስሙን ለማሳረም የመጣችበት ወረቀት ራሱ ጥርጣሬ ይፈጥራል። በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ላይ የተቀበሉበት ቀንና ማኅተም ይደረግበታል፤ ነገሩ ቢዘገይ መከራከሪያው ይህ ነው። እርማቱን አንድ ሠራተኛ ሞልቶ ሌላ ኃላፊ ስለሚያጸድቀው እዚያው ቆሞ ላያልቅ ይችላል።

ጥያቄው ውድቅ ከተደረገ ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። «አይሆንም» ከሚል ቃል ይልቅ «የቀረበው መታወቂያ ጊዜው አልፏል» የሚል ወረቀት ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት ያሳያል። ቅሬታው በቅርንጫፉ ካልተፈታ ወደ ባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊ ባንክ ማቅረብ ይቻላል።

ተስተካክሏል ከተባለ በኋላ ሌላ የሒሳብ መግለጫ አሳትሞ ስሙን ፊደል በፊደል ማንበብ ያስፈልጋል፤ አንዱ ስም ታርሞ የአባት ስም ሳይታረም የሚቀርበት ጊዜ አለ። የኤቲኤም ካርዱ ላይ የታተመው ስም በራሱ ስለማይለወጥ አዲስ ካርድ መጠየቅ ይገባል፤ የሞባይል ባንኪንጉም መታየት አለበት። የቆመው ክፍያ ያለባት ሰው ደግሞ እርማቱ እንዳለቀ ገንዘቡ ሒሳቧ ውስጥ እንዲገባላት ወይም ለላኪዋ እንዲመለስ ራሷ ትጠይቅ። ስሙን ያረመው ክፍልና ገንዘቡን ያቆመው ክፍል የተለያዩ ከሆኑ አንዱ የሠራውን ሌላው ላያውቅ ይችላል።