ልምድ የሌለው አመልካች የሚልከው ኢሜይል

ከሲቪ ጋር የሚላከው ኢሜይል ዓላማው አንድ ነው፤ ተቀባዩ ሲቪውን እንዲከፍት ማድረግ። ርዕሱ «ማመልከቻ» ብቻ ከሆነ ከሌሎቹ መካከል ይጠፋል፤ የሥራ መደቡና የአመልካቹ ስም ቢጻፍ ግን ተፈልጎ ይገኛል። ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» ካለ፣ ስለ ልምድ ማነስ ይቅርታ መጠየቅ ቦታ ማባከን ነው።

«ታታሪ ነኝ» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል፤ ማንም አያጣራውም። ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛነት የሚያመለክት ተመራቂ ግን እንዲህ ሊል ይችላል፦ «በተግባር ልምምድ ወቅት የባንክ መግለጫን ከድርጅቱ መዝገብ ጋር አስታርቄያለሁ፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ገና ካልተመነዘሩ ቼኮች ነበር።» የመጨረሻዋ ሐረግ ሥራውን በእጁ የነካ ሰው ናት። በቃለ መጠይቅም የምትጠየቀው እሷው ስለሆነች፣ ያልተሠራ ነገር መጻፍ አያዋጣም።

ቀሪው የተያያዙ ሰነዶች ዝርዝርና ስልክ ቁጥር ነው። የሲቪው ፋይልም «የመጨረሻ 2» ሳይሆን በአመልካቹ ስም ይሰየማል።