ጥለቱ የት ገባ?

አንዲት ሻጭ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ አላት እንበል። የቀሚሱ የታችኛው ጠርዝ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት አለው። የቀሚሱን ፎቶ ይዛ፣ ሌላ ፎቶ ላይ ያለች ሴት ለብሳው እንድትታይ ትፈልጋለች። ጥለቱን ለምስል ሠሪ ፕሮግራም በጽሑፍ ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው፤ ስለዚህ ፎቶውን ራሱን እንደ ትእዛዝ ትሰጠዋለች።

ይህን ከሚያስችሉት ታዋቂ መሣሪያዎች አንዱ በ2023 እ.ኤ.አ. የቴንሰንት ተመራማሪዎች ያወጡት አይፒ-አዳፕተር ነው። ስቴብል ዲፊውዥን የተባለውን ትልቅ ሞዴል ሳይነካ 22 ሚሊዮን ያህል ፓራሜትር ያለው ትንሽ ክፍል ይቀጥልበታል። ጽሑፉ በቀድሞው መንገዱ ይገባል፤ ለፎቶው ሌላ መንገድ ይከፈትለትና የሁለቱ ውጤት ይደመራል። የፎቶውን ድርሻ የሚወስነው አንድ ቁጥር ነው፤ 0 ከሆነ ፎቶው ጭራሽ አይሰማም፣ ወደ 1 ሲጠጋ ደግሞ ጽሑፉ ጉልበት ያጣል። የሴትየዋ ፊትና አካባቢዋ እንዳይቀየሩ ልብሱ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ በማስክ ይለያል።

ችግሩ ፎቶው የሚገባበት በር ጠባብ መሆኑ ነው። ፎቶውን የሚያነበው ክሊፕ የተባለ ሞዴል ሲሆን፣ የሚቀበለውም 224 በ224 ፒክሰል ብቻ ነው። የሻጯ ፎቶ 900 በ1200 ቢሆን፣ በተለመደው አሠራር መሐሉ በካሬ ተቆርጦ ከላይና ከታች 150 ፒክሰል ይጣላል። ጥለቱ ያለው ደግሞ እዚያው ታች ነው! ፕሮግራሙ ያላየውን ጥለት ከራሱ ይፈጥራል፣ ወይም ጭራሽ ይተወዋል።

በፎቶው ጎንና ጎን ባዶ ቦታ ጨምሮ ካሬ ማድረግ ከመቆረጥ ያድናል። ያም ሆኖ 80 ፒክሰል ቁመት የነበረው ጥለት ወደ 15 ይወርዳል። ክሊፕ ምስሉን የሚያነበው 14 በ14 ፒክሰል በሆኑ ቁራጮች ስለሆነ ለጥለቱ ቁመት የሚደርሰው አንድ ቁራጭ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው አዳፕተር ሙሉውን ፎቶ በአራት የቁጥር ጥቅሎች ያጠቃልለዋል፤ «ፕላስ» የሚባለው በ16። ቀሚስ አይታ የመጣች ሴት ለሸማኔው በጥቂት ቃል እንደምትነግረው ዓይነት ነው፤ ቀለሙና አቆራረጡ ይደርሳል፣ የክሩ አካሄድ ግን አይደርስም። መስቀሉ ወደ ነጠብጣብ ከተቀየረ፣ ወይም ጥለቱ ግራና ቀኝ የተለያየ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሌላው ስህተት መፍሰስ ነው። ቀሚሱን ለብሳ የተነሳችው ሞዴል የቆዳ ቀለም ወይም የጀርባው ግድግዳ ወደ አዲሱ ምስል ይገባል። ቁጥሩን መቀነስ ትንሽ ይረዳል፤ የተሻለው ግን ልብሱን ብቻውን፣ ወጥ ቀለም ባለው ጀርባ ላይ ማንሳት ነው።

በ2024 የወጣው የኮሪያ ተመራማሪዎች ሥራ፣ አይዲኤም-ቪቶን፣ አዳፕተሩን ለአጠቃላይ መልኩ አስቀርቶ ዝርዝሩን የሚያነብ ሁለተኛ አውታር ጨመረ። ለጥለት የሚያዋጣው ይህ መንገድ ነው፤ አዳፕተር ብቻውን ለጥለት አይታመንም። ደንበኛ ለጥለቱ ነው የሚከፍለውና፣ እንዲህ የተሠራ ምስል የምትለጥፉ ሻጮች የእውነተኛውን ጥለት የቅርብ ፎቶ አጠገቡ አኑሩ።