ያረጀ ማሽን ሲሸጥ በመዝገብ ላይ የሚሠራው ሥራ

የአንድ ማሽን የመዝገብ ዋጋ የሚባለው ከተገዛበት ዋጋ ላይ የተጠራቀመው የእርጅና ቅናሽ ሲነሳ የሚቀረው ነው። የእርጅና ቅናሹ ሙሉ በሙሉ ተሠርቶ ሲያልቅ የሚተርፈው መጀመሪያ የተገመተው ቀሪ ዋጋ ብቻ ይሆናል። ማሽኑ ሥራ ላይ ቢቆይም ከዚያ በኋላ ቅናሽ አይያዝበትም።

አንድ ዳቦ ቤት በ400,000 ብር የገዛው የሊጥ ማቡኪያ ማሽን 380,000 ብር የእርጅና ቅናሽ ተሠርቶለታል እንበል። የመዝገብ ዋጋው 20,000 ብር ነው። ማሽኑ በ50,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ቢሸጥ፣ ጥሬ ገንዘብ በ50,000፣ የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ በ380,000 ዴቢት ይደረጋሉ። ማሽኑ በ400,000፣ ከሽያጩ የተገኘው ትርፍ ደግሞ በ30,000 ክሬዲት ይደረጋሉ። ሁለቱም ወገን 430,000 ይመጣል። በ12,000 ብር ብቻ ቢሸጥ ግን የ8,000 ብር ኪሳራ በዴቢት በኩል ይገባል። ቀሪ ዋጋው ዜሮ ቢሆን ኖሮ፣ የመሸጫ ወጪ እስከሌለ ድረስ፣ ኪሳራ ሊኖር አይችልም ነበር፤ የተገኘው ብር ሁሉ ትርፍ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት 50,000ውን በሙሉ እንደ ዳቦ ሽያጭ ገቢ መዝግቦ ማሽኑን ከነቅናሹ መዝገብ ላይ መተው ነው። ይህ ገቢውን ያሳብጣል፣ በእጅ የሌለ ንብረትም ያሳያል። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃም ትርፉን ከመደበኛ የሽያጭ ገቢ ጋር መቀላቀልን አይፈቅድም። ስህተቱ የሚያዘው የንብረት ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር ሲመሳከር ነው።